የቬንትሌተርዎን ባትሪ ከመቀየርዎ በፊት፦ ሦስቱን ዓይነቶች ከቅርጽ፣ ከጽሑፍና ከጫፍ መለየት

ባለፈው ግንቦት አንዲት የሰፈራችን እናት ቻርጅ የሚደረግ ቬንትሌተራቸውን በልጅ አስይዘው መጡ። "ልጄ፣ መብራት ሲሄድ ሁለት ደቂቃ ዞሮ ቀጥ ይላል" አሉኝ። የጀርባውን ክዳን ፈትቼ ባትሪውን ሳወጣው ጽሑፉ ተልጦ አልቋል፤ የቀረው የሙጫው ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት እዚሁ ድሬዳዋ ያለው ታይዋን ገበያ ወስደውት ኖሮ አንዱ ሻጭ በቴስተር ለክቶ "አራት ቮልት ነው" ብሏቸዋል። ሂሳቡን ሊከፍሉ ሲሉ ገንዘብ ስላነሳቸው ብቻ ሳይገዙ ተመለሱ። ባትሪው ግን አራት ቮልት አልነበረም። እንዴት እንደታወቀ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ምርጫዎቹን እንያቸው።

ድሬዳዋ ላይ መብራት በሄደ ቁጥር የምንሮጥበት ቬንትሌተር፣ ፋኖስና የእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገኙት በብዛት ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ሊድ አሲድ፣ ሊቲየም አዮን እና ሊቲየም ፎስፌት። ግራ የሚያጋባን አንዱ ነገር ቋንቋችን ራሱ ነው። ባትሪ ስንል የእጅ መብራቱንም ውስጡ ያለውንም ማለታችን ነው፤ ውስጥ የሚገባውን ለይተን ስንጠራው ደግሞ ድንጋይ እንለዋለን። ሱቅ ሄደው "የቬንትሌተር ባትሪ ስጠኝ" ካሉ ሻጩ ቦታው ላይ የሚገባውን አንስቶ ይሰጥዎታል። ቦታው ላይ መግባቱ ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም።

በምን እንመዝናቸው?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት አምፔር ነው?" ብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ። ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ ዓይነቱ፣ ቀጥሎ ቮልቱ፣ ከዚያ ስፋትና ቁመቱ በሚሊሜትር፣ ከዚያ ጫፉ፣ በመጨረሻ አቅሙ።

ዓይነቱ የሚቀድመው በቻርጀሩ ምክንያት ነው። ቬንትሌተሩ ውስጥ ያለው ትንሽ የቻርጅ ሰሌዳ የተሠራው ለአንድ ዓይነት ባትሪ ነው። ባትሪውን በቀየሩ ጊዜ ሰሌዳው አብሮ አይቀየርም፤ ያንኑ ቮልት መላኩን ይቀጥላል። አቅሙ ትንሽ ያነሰ ባትሪ ቢገባ ብዙውን ጊዜ ጣጣው ቶሎ ማለቁ ነው። ዓይነቱ የተሳሳተ እንደሆነ ግን ወይ ሳይሞላ ይኖራል ወይ ከልክ በላይ ሞልቶ ይግላል።

ለመለካት ማስመሪያ፣ ርካሽ ቴስተርና ትንሽ ሚዛን ይበቃል። ሚዛን ከሌለዎት የወርቅ ቤት ሰው አይነፍግዎትም።

አንደኛ፦ ሊድ አሲድ

ብዙ ሰው ደረቁ ባትሪ የሚለው ይኸው ነው። ጡብ የመሰለ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን ነው፤ ሲያነሱት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ከላዩ ሁለት ምላስ የመሰሉ ጠፍጣፋ ብረቶች ይወጡበታል፤ በቀይ ወይም በመደመር ምልክት የተለየው ፖዘቲቭ ነው።

ሳጥኑ በዘፈቀደ አይሠራም፤ የተለመዱ ልኮች አሉት። ርዝመቱ 70፣ ስፋቱ 47፣ ቁመቱ 101 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ባለ 6 ቮልት፣ 4 ወይም 4.5 አምፔር ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። ርዝመቱ 151፣ ስፋቱ 65፣ ቁመቱ 94 ሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ ባለ 12 ቮልት ነው፤ በትልልቅ ቬንትሌተሮችና በኮምፒውተር ዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው እሱ ነው። ይህኛው ግን አንድ ወጥመድ አለው። `12V 7Ah` እና `12V 9Ah` የተባሉት በአንድ ልክ ሳጥን ይሸጣሉ። ጽሑፉ ከጠፋ ምላሱን ይለኩ፤ ወርዱ 4.8 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባለ 7 ነው፣ 6.3 ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባለ 9 ነው። ምላሱን መለካት ለሌላም ይጠቅማል። የሽቦው መያዣ ለሰፊው የተሠራ ሆኖ ጠባቡ ምላስ ላይ ቢሰካ ይላላል፤ የላላ መያዣ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ይጠቁራል። የጠቆረ መያዣ ካዩ ባትሪውን ብቻ ቀይረው አይዝጉት፤ መያዣውንም ይቀይሩ።

ቮልቱን ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ ክፍሎቹን መቁጠር ነው። ሊድ አሲድ ውስጡ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል 2 ቮልት ይሰጣል። አናቱ ላይ በሙጫ የተለጠፈችውን ስስ ክዳን በቀጭን ቢላ ቀስ አድርገው ቢያነሱ ከሥሯ የጎማ ቆቦች ይታያሉ። ሁለት ቆብ ካለ 4 ቮልት፣ ሦስት ከሆነ 6፣ ስድስት ከሆነ 12 ነው። የጎማ ቆቦቹን ግን አይንቀሉ፤ ሥራቸው አሲድ አለ። ክዳኗን ያነሱበት ባትሪም አሮጌውና የሚጣለው ይሁን እንጂ አዲሱን እንዳይነኩት።

ጽሑፉ ካልጠፋ፣ ሳጥኑ ጎን ላይ ሁለት የቻርጅ ቮልት ያገኛሉ። ባለ 6 ቮልት ላይ አንዱ ከ7.2 እስከ 7.5፣ ሌላው ከ6.75 እስከ 6.9 አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ባትሪው በየዕለቱ እየተሞላና እየወረደ ለሚሠራበት፣ ሁለተኛው ሁልጊዜ ተሰክቶ ለሚቆይበት ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ያሉበት ባትሪ ሊድ አሲድ መሆኑን አይጠራጠሩ።

ድክመቱ ሙቀት ነው፤ እዚህ ላይ ድሬዳዋ ያለንበትን መርሳት አይቻልም። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የሊድ አሲድ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 35 ዲግሪ ላይ የሚውል ባትሪ፣ ሐረር ደጋው አየር ውስጥ ከሚቀመጠው መንትያው ቀድሞ ቢሞት የሻጩ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ጠላቱ ባዶውን መቀመጥ ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ቬንትሌተሩን አራግፈው ቁም ሣጥን ላይ ከሰቀሉትና ሙቀቱ ሲመለስ ካወረዱት ባትሪው ሞቶ ይጠብቅዎታል።

ሁለተኛ፦ ሊቲየም አዮን

ይህ ክብ ድንጋይ ነው። ቁጥሩ ራሱ ልኩን ይናገራል። 18650 ማለት ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ የመጨረሻዋ ዜሮ ክብ ዱላ መሆኑን ትገልጻለች። ከቁጥሩ በፊት `ICR` ወይም `INR` የሚል ካለ ሊቲየም አዮን ነው፤ `IFR` ካለ ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ቀጥሎ እመጣበታለሁ። አንዲት ፊደል ነች፣ ግን በቮልት ትለያያቸዋለች። ሊቲየም አዮን 3.7 ቮልት ይባላል፣ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም።

ልባሱ ከተላጠ ፖዘቲቩን የሚለዩት በጎድጎዳው ቀለበት ነው። ከአንዱ ጫፍ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ቆርቆሮው ዙሪያውን ገባ ብሎ ይታያል፤ ፖዘቲቩ ያ ጫፍ ነው። የቀረው ቆርቆሮ፣ ጎኑ ጭምር፣ ሁሉም ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ ፖዘቲቩ ጫፍ ላይ ልባሱ የተቀደደ ድንጋይ አደገኛ ነው፤ ከጎኑ የሚነካው አንድ ብረት ሁለቱን ጫፎች ያገናኛቸዋል።

የተጻፈውን አቅም በጭፍን አይመኑ። የታወቁት ጥሩ 18650ዎች 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ናቸው፤ ተራዎቹ ከ2,000 እስከ 2,600 ድረስ። 9,900 የተጻፈበትን ካዩ ውሸት ነው። ይህን ሚዛን ያጋልጠዋል። ጤነኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ 30 ግራም አካባቢ የሚመዝን ከሆነ ውስጡ ሙሉ አይደለም።

ከሊድ አሲድ ጋር ሲያወዳድሩት ደግሞ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ያባዙ እንጂ አምፔሩን ብቻ አይዩ። 6 ቮልት ሲባዛ በ4.5 አምፔር ሰዓት 27 ዋት ሰዓት ነው። ሦስት ባለ 2,500 ሊቲየም ጎን ለጎን ቢታሰሩ ሻጩ "7,500 ነው" ይላል፤ ግን 3.7 ሲባዛ በ7.5 ከ28 አይበልጥም። 7,500 ከ4,500 የሚበልጥ ይምሰል እንጂ ሁለቱ እኩል ሰዓት ነው የሚያሠሩት። የሚለያዩት በክብደት ነው፤ ሊድ አሲዱ ከ700 ግራም በላይ፣ ሦስቱ ድንጋዮች 150 ግራም የማይሞሉ።

ትልቁን ስህተት ያየሁት እዚህ ዓይነት ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ትንሽ ፋኖስ ነበራት፤ ውስጡ ባለ 4 ቮልት ሊድ አሲድ። ባትሪው ሲሞት ያሠራችበት ባለሙያ "አራትና ሦስት ነጥብ ሰባት ያው ነው" ብሎ 18650 በየደበት። ፋኖሱ በራ፣ እንዲያውም ከቀድሞው ይበልጥ ደመቀ። ሌሊቱን ተሰክቶ ሲያድር ግን የፋኖሱ ሆድ ለስልሶ፣ የድንጋዩ ልባስ ተጨማድዶ፣ ቤቱ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። የቻርጅ ሰሌዳው ለባለ 4 ቮልት ሊድ አሲድ የተሠራ ስለሆነ እስከ 5 ቮልት ድረስ ይልካል፤ ድንጋዩ ደግሞ ከ4.2 በላይ አይችልም። ልጆቹ የተኙት እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ "ያው ነው" የሚለውን ቃል ሰምቼ ዝም አልልም።

ባለ 12 ቮልቱም ላይ ያው ስህተት ይሠራል። ሦስት 18650 በተከታታይ ሲታሰሩ 11.1 ቮልት ይባላሉ፤ ለ12 የቀረበ ይመስላል። የሚሞሉት ግን 12.6 ላይ ነው፤ የሊድ አሲድ ቻርጀር ከ13.5 በላይ ይሰጣል።

ሦስተኛ፦ ሊቲየም ፎስፌት

ይህም ክብ ነው፤ ግን ወፍራም። 32650 ወይም 32700 ይጻፍበታል፤ ውፍረቱ 32፣ ርዝመቱ ከ65 እስከ 70 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 140 ግራም አካባቢ። ጽሑፉ ላይ `IFR` ወይም `LiFePO4` እና `3.2V` ይፈልጉ። የሶላር መብራቶች ውስጥ በብዛት አለ። ሲሞላ 3.65 ቮልት ይደርሳል፤ አቅሙ ከ5 እስከ 6 አምፔር ሰዓት ነው።

እኔ ለቬንትሌተር የምወደው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም የሊድ አሲድን ቦታ ሳይጣላ ይወስዳል። ሁለቱን በተከታታይ ቢያስሯቸው 6.4 ቮልት ይሆናሉ፤ የሚሞሉትም 7.3 ላይ ነው። ይህ ደግሞ ባለ 6 ቮልት የሊድ አሲድ ቻርጀር የሚልከው ቮልት ውስጥ ነው። በልኩም ይስማማል፦ ሁለቱ ጎን ለጎን 64 በ32 በ70 ሚሊሜትር ናቸው፤ 70 በ47 በ101 የነበረው ሳጥን ቦታ ላይ ገብተው ከላይ ለሰሌዳ የሚሆን ክፍት ይተርፋል። አራት ካሰሩ 12.8 ቮልት ይሆናል፤ የ12 ቮልቱን ቦታ ይይዛል።

ሰሌዳ ያልኩት ቢኤምኤስ የሚባለውን ነው። ሲሞላ የሚቆርጥ፣ ሲያልቅም የሚዘጋ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ርካሽ ቬንትሌተሮች ላይ ያለው ቻርጀር መቁረጥ ስለማያውቅ ያለዚህ ሰሌዳ እንዳያስገቡት። ሲገዙም "የፎስፌት፣ የሁለት ድንጋይ" ብለው ይንገሩ፤ ለሊቲየም አዮን የተሠራው ሰሌዳ የሚቆርጠው 8.4 ላይ ስለሆነ ለዚህ ምንም አይጠብቅም። ድንጋዮቹንም በካውያ አያስበይዱ፤ ሙቀቱ ውስጣቸውን ይጎዳል። በቀጭን የኒኬል ሪባን በነጥብ ብየዳ የሚያስር ባለሙያ ካላገኙ፣ ዊንት የሚገባባቸው ጫፍ ያላቸውን ይፈልጉ።

ባጭሩ ጎን ለጎን

| | ሊድ አሲድ | ሊቲየም አዮን | ሊቲየም ፎስፌት |
|---|---|---|---|
| ቅርጽ | ከባድ ሳጥን | ቀጭን ክብ፣ 18 በ65 ሚ.ሜ | ወፍራም ክብ፣ 32 በ65–70 ሚ.ሜ |
| የሚፈለግ ጽሑፍ | `6V`፣ `12V`፣ ሁለት የቻርጅ ቮልት | `ICR`፣ `INR`፣ `3.7V` | `IFR`፣ `LiFePO4`፣ `3.2V` |
| ጫፍ | ሁለት ምላስ ከላይ | ጉብታ ወይም ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ኔጌቲቭ | ጠፍጣፋ ወይም ባለ ዊንት |
| የአንዱ ሴል ቮልት | 2 | 3.7፣ ሲሞላ 4.2 | 3.2፣ ሲሞላ 3.65 |
| በሊድ አሲድ ቻርጀር | ይሠራል | አይሆንም | በ2 ወይም በ4 ታስሮ፣ ከቢኤምኤስ ጋር |
| ሙቀት | ቶሎ ያረጃል | ሲሞላ ከ45 ዲግሪ በታች ይሁን | ይሻላል፤ ሲሞላ ግን ያው 45 |
| የመጀመሪያ ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍ ያለ |

አንድ ነገር ልጨምር። ትንሹ ድንጋይ፣ የሪሞቱ ልክ፣ 14 በ50 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚህ አንድ ልክ ባለ 1.5፣ ባለ 1.2፣ ባለ 3.2 እና ባለ 3.7 ቮልት ሁሉም ይገኛሉ። `LR6` ወይም `R6` ከተጻፈበት የሪሞቱ ነው፤ `14500` ካለበት ሊቲየም ስለሆነ ሪሞት ወይም የግድግዳ ሰዓት ውስጥ አያስገቡት።

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ካጠረዎትና ቬንትሌተሩ ቀድሞም ሊድ አሲድ ከነበረ ያንኑ ይመልሱ። ባለ 7ን በባለ 9 መተካት ይቻላል፤ የመሙያ ጊዜው ይረዝማል እንጂ አይጎዳም። ሱቁ ውስጥ ግን ቴስተር ሳያስደግፉ አይክፈሉ። ባለ 6 ቮልቱ ከ6.2 በታች፣ ባለ 12ቱ ከ12.4 በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ ብዙ ወር ባዶውን ቆሟል ማለት ነው፤ ሌላ ያውጡ ይበሏቸው።

መብራት በየቀኑ የሚሄድበት ሰፈር ካሉ ወይም ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም በሽተኛ ካለ፣ ወጪው ቢከብድም ፎስፌቱ ይሻላል። ሊድ አሲድ በየዕለቱ እስከ ባዶ ሲወርድ አይበረክትም፤ ፎስፌቱ ያንን ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን የሚያስርልዎት ባለሙያ ካለ ብቻ ነው።

ቬንትሌተሩ ሲገዛ ጀምሮ ሊቲየም አዮን ከነበረው፣ ያንኑ ቁጥር፣ ያንኑ የድንጋይ ብዛት፣ ከራሱ ሰሌዳ ጋር ይመልሱ። አዲስና አሮጌ አይቀላቅሉ። ቻርጅ ሲያደርጉም ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አይተዉት።

ያ ባትሪ

ወደ እናታችን ባትሪ ልመለስ። ማስመሪያ ስጥልበት 70፣ 47፣ 101። ምላሱ 4.8። ልኩ የ6 ቮልት ነው፤ ቴስተሬ ግን ልክ እንደ ሻጩ 4.1 አሳየኝ። አናቱ ላይ ያለችውን ክዳን አነሳሁ፤ ሦስት የጎማ ቆብ። ሦስት ክፍል ያለው ባትሪ 4 ቮልት ሊሆን አይችልም። አንዱ ክፍል ሞቶ ሁለቱ ብቻ ናቸው የቀሩት፤ ሁለት ጊዜ ሁለት ደግሞ አራት ነው። ሻጩ ያነበበው ቁጥር ትክክል ነበር፤ የለካው ግን የሞተ ባትሪ ነው። ለማረጋገጥ ቬንትሌተሩን ያለ ባትሪ ሰክቼ የቻርጅ ሽቦውን ለካሁ፤ 7.3። ባለ 4 ቮልት ባትሪ በዚህ ላይ ቢታሰር ኖሮ በጥቂት ቀን ውስጥ አብጦ ሳጥኑ በተሰነጠቀ ነበር።

"ታዲያ የቱን ላምጣ?" አሉኝ። "እማማ፣ ፎስፌቱ ይበረክትልዎ ነበር፤ ግን ዛሬ የሚያስርልን የለም" አልኳቸው። "ሌሊቱ አይጠብቀኝም ልጄ" አሉ። ባለ 6 ቮልት 4.5 አምፔር ሰዓት ሊድ አሲድ ገዛን። የመጀመሪያው ሱቅ ያወጣልን 5.9 አነበበ፤ መለስነው። ሁለተኛው ሱቅ ያወጣው 6.35 ነበር። ቀዩን ሽቦ ቀዩ ምላስ ላይ ሰካሁ፣ ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት ሳጥኑ ጎን ላይ በማርከር ቮልቱን፣ አቅሙንና ወሩን ጻፍኩበት፤ ጽሑፉ በሙቀቱ ተልጦ ቢወድቅ እንኳ የሚቀጥለው ሰው እንዲያነበው።